ከመሰናበቻው በፊት የሚጻፉ ደብዳቤዎች

«በተደጋጋሚ በታየው የደኅንነት ጉድለት ምክንያት ከድርጅታችሁ ጋር የነበረንን የተማሪዎች ትራንስፖርት ውል ከዛሬ ጀምሮ ያቋረጥን መሆኑን እናሳውቃለን።»

የትምህርት ቤት ማኅተም ያረፈበት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለወላጅ ጆሮ ደስ ይላል። ቆፍጠን ያለ ርእሰ መምህር የጻፈው ይመስላል። የሰርቪሱ ባለቤት ደብዳቤውን ይዞ ጠበቃ ዘንድ ሲሄድ ግን ጠበቃው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ደኅንነቱ አይደለም። «ከዚህ በፊት ምን ጽፈውልህ ነበር?» ይለዋል። መልሱ «ምንም፤ አልፎ አልፎ በስልክ ይነግሩኝ ነበር» ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ከአደጋ አወጣሁ ሲል ራሱን ለካሳ ክስ አጋልጧል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰርቪስ ሁለት ዓይነት መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በአንደኛው ወላጆች ተሰባስበው በቀጥታ ከሹፌር ወይም ከመኪና ባለቤት ጋር ይስማማሉ፤ ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው ከበሩ መልስ ያለውን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ትምህርት ቤቱ የሚሰርዘው ውል የለም። መኪናው ግቢ እንዳይገባ ሊከለክልና ወላጆችን ሊያስጠነቅቅ ይችላል፤ ከዚያ ያለፈ ሥልጣን የለውም። በሁለተኛው ዓይነት ትምህርት ቤቱ ራሱ ከባለቤቱ ጋር ይፈራረማል፣ ገንዘቡን ከወላጅ ሰብስቦ ይከፍላል። እዚህ ጽሑፍ ላይ የምናየው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በአግባቡ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ «አልተመቸኝም» ብሎ መውጣት የለም። አንዱ ወገን ግዴታውን ካልፈጸመ፣ ሌላው ይህንን ጥፋት መከራከሪያ ከማድረጉ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት አንቀጽ 1772 ይናገራል። አንቀጽ 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ውስጥ የጊዜ ገደብ ማስቀመጥ እንደሚቻልና ገደቡም እንደ ጉዳዩ ሁኔታ ተገቢ መሆን እንዳለበት ያስረዳል። ገደቡ አልፎም ካልተፈጸመ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ውሉን መሰረዝ የሚቻልበትን መንገድ አንቀጽ 1787 ይከፍታል። ውሉ ራሱ «ይህ ይህ ከተፈጸመ ውሉ ሊሰረዝ ይችላል» የሚል ቃል ካለው ደግሞ በአንቀጽ 1786 መጠቀም ይቻላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ዳኛው የሚመዝነው በአንቀጽ 1785 የተቀመጠውን ነው፤ የተጣሰው ነገር የውሉ መሠረታዊ ግዴታ ነበር ወይስ ጥቃቅን ጉድለት?

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል ጠንካራ የስረዛ ደብዳቤ በአንድ ቀን አይጻፍም ማለት ነው። የሚጀምረው ከወራት በፊት ነው።

አንድ ትምህርት ቤት እናስብ። ለማሳያ ያህል ያቀናበርነው ስለሆነ ስም የለውም፤ ልጁን በሰርቪስ የሚልክ ሰው ግን አብዛኛውን ነገር ያውቀዋል። ትምህርት ቤቱ ነሐሴ ውስጥ ከአንድ ድርጅት ጋር ለአሥር ወር ይዋዋላል። የሚጓጓዙት ልጆች 150 ናቸው። ድርጅቱ አምስት ሃይሩፍ ሚኒባስና ሁለት ኮስተር ያቀርባል። ሃይሩፉ ከሹፌሩ ሌላ 11 ሰው፣ ኮስተሩ 28 ሰው ይይዛል እንበል። ክፍያው በልጅ ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ልጅ ካጓጓዝክ በወር ይህን ያህል ብር።

ፊርማው ሳይደርቅ ቁጭ ብሎ የደመረ ሰው አልነበረም። አምስቱ ሃይሩፎች 55፣ ሁለቱ ኮስተሮች 56፣ በድምሩ 111 ወንበር ነው። በውሉ መሠረት በየመኪናው አንዲት ሞግዚት ስለምትኖር ሰባት ወንበር ይቀነሳል፤ 104 ይቀራል። 46 ልጆች ወንበር የላቸውም። እነዚህ 46 ልጆች ወይ ትርፍ ሆነው ይጫናሉ፣ ወይ መኪናው ሁለት ዙር ይሠራል። በልጅ ቁጥር የሚከፈለው ባለቤት ከሁለቱ የቱን እንደሚመርጥ መገመት አያስቸግርም። እያንዳንዱ ትርፍ ልጅ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ የሚገኝ ገቢ ነው። በመኪና ተቆርጦ በወር ቢከፈል ኖሮ ትርፍ መጫን ለባለቤቱ ምንም አይጨምርለትም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ከሰርቪስ ጣጣ ግማሹ የሚጀምረው ከዚህ የክፍያ ዓይነት ነው፤ ሹፌሩ ላይ ከመጮህ በፊት የክፍያ አንቀጹን ማንበብ ይጠቅማል።

ኅዳር ላይ ወላጆች ማጉረምረም ይጀምራሉ። አንዲት እናት ልጇ ዱካ ላይ ተቀምጦ እንደሚመጣ ትናገራለች። ወሬ ብቻውን ደብዳቤ አይሆንም፤ ስለዚህ ጥበበኛው እርምጃ በር ላይ ቆሞ መቁጠር ነው። የጥበቃ ሠራተኛና አንድ መምህር ጠዋት ጠዋት ከደወሉ በፊት ቆመው ከእያንዳንዱ መኪና የሚወርደውን ልጅ ይቆጥራሉ፤ የሰሌዳ ቁጥር፣ ሰዓት፣ የልጅ ብዛት፣ የሹፌሩ ማንነት ይጽፋሉ። ይህ መዝገብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ይናገራል። ባለ 11 ወንበሩ ሃይሩፍ 17 ልጅ ያወርዳል። እግረ መንገዱንም በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቦሎ የዘንድሮ መሆኑ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለፈበት መሆኑ፣ ሰሌዳው ኮድ 3 ወይስ ኮድ 2 መሆኑ ይታያል። ኮድ 2 የግል መኪና ነው፤ በክፍያ ሰው ለማጓጓዝ የተመዘገበ አይደለም። አደጋ ከደረሰ የመድን ድርጅቱ መጀመሪያ የሚያነሳው ክርክር ይኸው ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ኅዳር 12 ይወጣል። መሰናበቻ አይደለም፤ የውሉን አንቀጽ ጠቅሶ፣ ከመዝገቡ ሦስት አራት ቀን አውጥቶ፣ በ10 ቀን ውስጥ ትርፍ መጫን እንዲቆምና የሹፌሮቹ መንጃ ፈቃድ ቅጂ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ባለቤቱ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርማል። አልፈርምም ካለ በሪኮማንዴ ፖስታ ይላክለታል፤ ደረሰኙ ይቀመጣል። ለብዙዎች ይህ ቢሮክራሲ ይመስላቸዋል። ከአራት ወር በኋላ ግን ከዚህ ወረቀት በላይ ዋጋ ያለው ነገር አይኖርም።

ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ አሜሪካ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 2016 በቴነሲ ግዛት ቻታኑጋ ከተማ 37 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ወደየቤታቸው ይመልስ የነበረ አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠና ከዛፍ ጋር ተጋጨ፤ ስድስት ልጆች ሞቱ። አውቶቡሱ ከወረዳው የትምህርት መሥሪያ ቤት ጋር ውል የነበረው የግል ድርጅት ነው። ሹፌሩ 24 ዓመቱ ነበር። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት ጠመዝማዛ መንገድ 80 አካባቢ እየነዳ በስልክ ያወራ ነበር። ቤተሰቦችን ይበልጥ ያስቆጣው ግን ከአደጋው በፊት የነበረው ነው። ስለ አነዳዱ ቅሬታ ቀርቦ ነበር፤ ከልጆችም ከትምህርት ቤቱም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2018 ምርመራውን ሲጨርስ ጥፋቱን በሹፌሩ ላይ ብቻ አልጣለም። ድርጅቱ ሹፌሩ በአደገኛ ሁኔታ እንደሚነዳ እያወቀ በቂ ቁጥጥር አላደረገም አለ። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የሚታወቅ የደኅንነት ችግር በድርጅቱ መስተካከሉን ተከታትሎ አላረጋገጠም ሲል ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል ቆጠረው። አቤቱታውን ለተቋራጩ አስተላልፌያለሁ ማለት አላዳነውም።

ወደ እኛ ትምህርት ቤት እንመለስ። ከአሥር ቀኑ በኋላ በር ላይ እንደገና ተቆጠረ። ትርፉ ቀንሷል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ሃይሩፎች አሁን ሁለት ዙር መሥራት ጀምረዋል። የመጀመሪያዎቹን ልጆች 1፡15 አውርደው፣ ሌላ ሰፈር ደርሰው፣ ሁለተኛዎቹን 2፡15 ያወርዳሉ። በጠዋት የአዲስ አበባ መጨናነቅ አንድ ሰዓት ለዚያ መንገድ ይበቃል ወይ? ካልበቃ የጎደለው ደቂቃ የሚካካሰው በፍጥነት ነው። ትርፍ መጫን ወደ ፍጥነት ተለወጠ እንጂ አደጋው አልተወገደም። መዝገቡ የሰዓት ዓምድ ባይኖረው ይህ አይታይም ነበር።

ጥር ላይ መዝገቡ ሌላ ነገር ይይዛል፦ የማይታወቅ ሹፌር። የተመዘገበው ሹፌር ሥራ ለቋል፤ ባለቤቱ የዘመዱን ልጅ ተክቶታል። የመንጃ ፈቃዱ ምድብ ሲታይ የሕዝብ ማጓጓዣ ለማሽከርከር የሚፈቅድ አይደለም። ሁለተኛው ደብዳቤ ይጻፋል። ይህኛው ልዩነት አለው፤ ያልተመዘገበው ሹፌር ከዚያው ዕለት ጀምሮ ልጆችን እንዳያጓጉዝ ያግዳል፣ ለቀሪው ጉድለት ደግሞ አምስት ቀን ይሰጣል። ለሹፌር ፈቃድ ማስተካከያ የጊዜ ገደብ መስጠት ማለት ለአምስት ቀን ያልተፈቀደለት ሰው እንዲነዳ መፍቀድ ስለሚሆን ሁለቱን መለየት ግድ ነው። ውሉ «ትምህርት ቤቱ ለደኅንነት አሥጊ የሆነን ተሽከርካሪ ወይም ሹፌር ወዲያውኑ ከመስመር ማስወጣት ይችላል» የሚል ቃል ከነበረው ሥራው ይቀላል። የሌለው ውል ካለዎት በሚቀጥለው ነሐሴ ይጨምሩት።

መጋቢት ላይ ነገሩ ይፈነዳል። የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ እንቅልፍ ወስዶት ኋላ ወንበር ላይ ይቀራል። ሞግዚቷ ያን ቀን አልመጣችም፤ ሹፌሩ ዘወር ብሎ ሳያይ መኪናውን አቁሞ ሄዷል። መኪና አጣቢ ያገኘዋል። ልጁ ደኅና ነው።

ደኅና ያልሆነበትም አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 2019 በቬትናም ዋና ከተማ በሃኖይ የስድስት ዓመት የአንደኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ተረስቶ ቀኑን ሙሉ ከቆየ በኋላ ሞቶ ተገኝቷል። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የአውቶቡሱ ተቆጣጣሪ፣ ሹፌሩና የክፍል ኃላፊዋ መምህርት። መምህርቷ እንዴት ገባች? ልጁ ከክፍል መቅረቱን እያወቀች ወላጆቹ ጋ አልደወለችም። ይህ ለስረዛ ደብዳቤ ጸሐፊ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ትምህርት ቤቱ «ሹፌራችሁ ልጅ ረሳ» ብሎ ሲጽፍ፣ ባለቤቱ «ልጁ ክፍል አለመግባቱን በስንት ሰዓት አወቃችሁ?» ብሎ ሊመልስ ይችላል። መልሱ «ከሰዓት በኋላ» ከሆነ ደብዳቤው ራሱን ያቆስላል። ስለዚህ የጠዋቱ የስም ጥሪና የቀሩ ልጆች ቤት የተደወለበት ሰዓት ከማኅደሩ ጋር መያያዝ አለበት፤ ጉድለትም ካለ ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ያስተካክለው።

አሁን የመጨረሻው ደብዳቤ ይጻፋል። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የውል መሰረዝን ይመለከታል። ነሐሴ 15 ቀን በተፈረመው ውል አንቀጽ 6 በእያንዳንዱ ተሽከርካሪ የሚጫኑ ተማሪዎች ቁጥር ከተመዘገበው የወንበር ብዛት እንዳይበልጥ፣ በአባሪው ከተዘረዘሩት ሹፌሮች ውጭ ሌላ ሰው እንዳያሽከረክርና በእያንዳንዱ ጉዞ ማብቂያ ወንበሮቹ ሁሉ እንዲፈተሹ ግዴታ ገብታችኋል። ኅዳር 12 እና ጥር 20 ቀን የጊዜ ገደብ ያላቸው ሁለት ማስጠንቀቂያዎች በፊርማችሁ ተቀብላችኋል። ገደቦቹ ካለፉ በኋላም በተያያዘው መዝገብ እንደሚታየው ጥፋቱ ቀጥሏል። መጋቢት 9 ቀን አንድ ሕፃን በተሽከርካሪ ውስጥ ተረስቶ ተገኝቷል። ስለሆነም ውሉ በአንቀጽ 11 መሠረት ከመጋቢት 23 ቀን ጀምሮ የተሰረዘ መሆኑን፣ ሕፃኑ የተረሳበት ተሽከርካሪና ሹፌሩ ግን ከዛሬ ጀምሮ አገልግሎት እንዳይሰጡ የታገዱ መሆኑን እናስታውቃለን።»

ቁጣ የለበትም። «ኃላፊነት የጎደላችሁ» የሚል ቃል አይገኝበትም፤ ቀንና አንቀጽ ብቻ። የሹፌሩም ስም አልተነሣም፤ በአባሪው ስላለ አያስፈልግም፤ ስም አጥፍታችኋል የሚል ሌላ ክስም አይጋብዝም።

የሁለት ሳምንቱ ልዩነት ብዙ ወላጆችን ያናድዳል። «ልጅ ረስቶ እንዴት ሌላ ሁለት ሳምንት?» ይላሉ። ግን ሰኞ ጠዋትን እናስብ። 150 ልጆች በአንድ ቀን ያለ መጓጓዣ ቢቀሩ ወላጅ የሚያገኘውን ይይዛል። አንዱ ባጃጅ፣ ሌላው ራሱ ትርፍ የጫነ የሌላ ትምህርት ቤት ሃይሩፍ። የተጣራው አደጋ በማይታይና በማይቆጠር አደጋ ይተካል። ስለዚህ አሥጊው መኪና ዛሬ ይወጣል፤ ቀሪዎቹ በር ላይ እየተቆጠሩ፣ የትምህርት ቤቱ ሰው አብሯቸው እየተሳፈረ፣ ሌላ አቅራቢ እስኪገኝ ይቆያሉ። ቀሪዎቹም መኪኖች ፍሬናቸውና ጎማቸው አስተማማኝ ካልሆነ ግን ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር የለም፤ የሰኞው ችግር ይመረጣል።

ደብዳቤው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ድርጅቱ እጅ የ150 ልጆች ስም፣ የቤት አድራሻና የወላጅ ስልክ ይገኛል። ሹፌሮቹ የትኛው ልጅ በስንት ሰዓት በየትኛው ጥግ ብቻውን እንደሚቆም ያውቃሉ። የስም ዝርዝሩ እንዲመለስ፣ ቅጂው እንዲጠፋና ከውሉ በኋላ ማንም የድርጅቱ ሠራተኛ ልጅ ከየትም እንዳይወስድ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ለወላጆችም አዲሱ መኪና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚመጣና ሹፌሩ ማን እንደሆነ መንገር ያስፈልጋል። የቀድሞው ሹፌር በለመደው ሰዓት ቢመጣ ልጅ አይጠይቅም፤ ይሳፈራል።

ለወላጆች የሚሄደው ደብዳቤ ሌላ ነው። ለድርጅቱ የተጻፈው ተገልብጦ አይላክም። የተረሳው ሕፃን የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠቁም ነገር አይኖረውም። ነገር ግን «በጋራ ስምምነት ተለያይተናል» የሚል የዋህ ቃልም መጻፍ የለበትም፤ ይህ ዓይነቱ ደብዳቤ ድርጅቱን በማግስቱ ለጎረቤት ትምህርት ቤት ንጹሕ አድርጎ ያቀርበዋል። ግልባጩ ለወላጅ መምህራን ኅብረትና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። ልጅ የተጎዳበት ከሆነ ግን ደብዳቤና ግልባጭ ለፖሊስ ማመልከትን አይተካም፤ ያ በዚያው ሰዓት የሚደረግ ነው።

ባለቤቱ በአምስተኛው ቀን መልስ ይጽፋል። ሁለት ነገር ያነሳል። አንደኛው ነዳጅ ነው፤ ከነሐሴ ወዲህ ዋጋ ጨምሯል፣ ክፍያው ግን አልተስተካከለም ይላል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ እንዲሻሻል መጠየቂያ እንጂ ትርፍ መጫኛ ፈቃድ ግን አይሆንም። ሁለተኛው ይከብዳል። «150 ልጅ ሰጥታችሁኝ ሰባት መኪና ተቀብላችሁ ፈርማችኋል፤ 46 ልጅ የት እንደሚቀመጥ ታውቁ ነበር» ይላል፤ የቀሪዎቹን ወራት ክፍያም ይጠይቃል። በትርፉ ጉዳይ ትምህርት ቤቱ በከፊል ተሸናፊ ሊሆን ይችላል፤ ዳኛ የሁለቱንም ወገን ቅንነት ይመዝናልና። ያልተመዘገበው ሹፌርና የተረሳው ሕፃን ግን ከወንበር ቁጥር ጋር አይገናኙም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ጠበቃ ክርክሩን በእነዚህ ሁለቱ ላይ ያቆመዋል፣ የትርፉን ነገር ለማጠናከሪያ ብቻ ይጠቅሰዋል። ለድርድር ሲቀመጡም እስከ መጋቢት 22 የተሠራበት ቀን ሁሉ ተቆጥሮ ይከፈላል፤ የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ ጥያቄ ግን ሁለቱ ፊርማ ያለባቸው ማስጠንቀቂያዎች ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ አቅሙን ያጣል።